ጥቁር ጋዋን፣ ነጭ ነጠላ፦ የጠርዝ ከፈፍ የማጽዳት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ሥራው የምረቃ ባነር ነው፤ ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር። በግራ ተመራቂዋ ትቆማለች፣ በቀኝ እናቷ። ፎቶዎቹ የተነሡት በተለያየ ቦታ ነው። ልጅቷ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ከነጣ ግድግዳ ፊት ቆማለች፤ እናትየው ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ከጥቁር ቡናማ መጋረጃ ፊት ተቀምጠዋል። የባነሩ ጀርባ በግራ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየነጣ ሄዶ በእናትየው ራስ ዙሪያ ክሬም ይሆናል። ይህን የቀለም አካሄድ የመረጠው ቤተሰቡ ስለሆነ አይነካም።

የሁለቱንም ፎቶ ጀርባ አጥፍቼ ባነሩ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ቆረጣው ራሱ ደህና ነው፤ ጋዋኑን በመስመር ተከትዬ፣ ፀጉሩን ደግሞ የፎቶውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት ተጠቅሜ ማስክ ሠርቼለታለሁ፤ ማስክ በነጩ ቦታው ፎቶውን የሚያሳይ፣ በጥቁሩ የሚደብቅ ሽፋን ነው። የተመራቂዋ ታላቅ ወንድም መጥቶ ከጎኔ ቆሞ አየና «ፀጉሯ ዙሪያ ብርሃን አለ፤ እንደ ቅዱሳን ሥዕል አደረግሃት እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። በፀጉሯ ጫፍ ሁሉ ቀጭን ነጭ ከፈፍ ይታያል። በእናትየው በኩል ደግሞ የነጠላው ጠርዝ በእርሳስ የተሠመረበት ይመስላል።

ከሁሉ አስቀድሜ ፎቶዎቹን እንደገና እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። መጀመሪያ የላካቸው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስለሆነ ተጨምቀው ነው የደረሱኝ። በተጨመቀ ጄፔግ የቀለም መረጃ ከብርሃኑ መረጃ ባነሰ ዝርዝር ስለሚቀመጥ፣ የግድግዳው ቀለም ወደ ፀጉሩ፣ የመጋረጃው ቡናማ ወደ ነጠላው ጥቂት ፒክስል ይሰርጋል። እንደ ፋይል ሲልክልኝ ከፈፉ አልጠፋም፤ ስፋቱ ግን ቀነሰ። የተጨመቀው ላይ አራት አምስት ፒክስል የነበረው ወደ ሁለት ወረደ። ሁለት ፒክስልም ቢሆን ቀላል አይደለም። ልጅቷ በፎቶው ላይ 3000 ፒክስል ያህል ቁመት አላት፣ ባነሩ ላይ 1.5 ሜትር ትሆናለች። እያንዳንዱ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታተማል ማለት ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ነጭ መስመር በጥቁር አረንጓዴ ላይ ከሩቅም ይታያል።

ሰኞ ከሰዓት

ብሩሽ ከማንሣቴ በፊት ከፈፉ ከየት እንደመጣ ማየት አለብኝ፤ መድኃኒቱ እንደ ምንጩ ይለያያልና። ፎቶውን ወደ 800 በመቶ አጉልቼ ከጀርባው ሦስት ሌየሮች፣ ማለትም ተደራራቢ የምስል ንብርብሮች፣ አስቀመጥኩ፦ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ መካከለኛ ግራጫ። እያፈራረቅሁ አየኋቸው። የልጅቷ ፀጉር በነጩ ላይ ምንም ጉድለት የለበትም፣ በግራጫው ላይ ከፈፉ ይጀምራል፣ በጥቁሩ ላይ ይጮኻል። የእናትየው ነጠላ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፀጉር ጫፍ ላይ ያለ አንድ ፒክስል ሙሉ በሙሉ ፀጉር አይደለም፤ ከፊሉ ፀጉር፣ ከፊሉ ግድግዳ ነው። ካሜራው ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቀለም አድርጎ ይመዘግበዋል፦

```
C = a*F + (1-a)*B
```

C ካሜራው የመዘገበው ቀለም፣ F የፀጉሩ፣ B የግድግዳው፣ a ደግሞ የፀጉሩ ድርሻ ነው። ማስኩ a ን በትክክል ቢያውቅና ፒክስሉን ግማሽ ግልጽ ቢያደርገው እንኳ፣ ቀለሙ አሁንም C ነው። ግድግዳው ከጀርባ ተሰረዘ እንጂ ከፒክስሉ ውስጥ አልወጣም።

በቁጥር ላሳይ። ብሩህነት ከ0፣ ማለትም ከጥቁር፣ እስከ 255፣ ማለትም እስከ ነጭ፣ ይለካል። የግድግዳው ብሩህነት 225፣ የፀጉሩ 40፣ የባነሩ አረንጓዴ 30 ነው እንበል። እኩል የተቀላቀለው ፒክስል 132 ይሆናል። ግማሽ ግልጽ አድርጌ አረንጓዴው ላይ ሳስቀምጠው 81 ይወጣል፤ ሊሆን ይገባው የነበረው 35 ነው። ልብ በሉ፣ 81 ከፀጉሩም ከአረንጓዴውም የነጣ ነው። በሁለት ጨለማ መካከል ከሁለቱም የነጣ መስመር ሲያልፍ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ከዚህ የምይዘው ነገር አለ፦ ከፈፍ ጎልቶ የሚወጣው የቆረጥነው ነገርና አዲሱ ጀርባ በብሩህነት ተቀራርበው፣ አሮጌው ጀርባ ግን ከሁለቱም በጣም ሲርቅ ነው። ጥቁር ፀጉር ከነጭ ግድግዳ ወደ ጥቁር አረንጓዴ፣ ነጭ ነጠላ ከጥቁር መጋረጃ ወደ ክሬም። ይህ ባነር ሁለቱንም ክፉ አጋጣሚ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስቧል። በአንጻሩ የእናትየው ነጠላ ታችኛው ክፍል ጀርባው ገና ጨለም ያለበት ቦታ ላይ ስለሚያርፍ፣ እዚያ የቀረው ጥቁር ቅሪት ጥላ መስሎ ያልፋል። ስለዚህ በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ አላጠፋም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋዋኑ

በቀላሉ ልጀምር። የጋዋኑ ጠርዝ ደረቅና ቀጥ ያለ ነው፤ ከእርሱ ሁለት ፒክስል ቢቀነስ የሚጎድል ነገር የለም። እንዲህ ላለው ጠርዝ ማስኩን ወደ ውስጥ መግፋት በቂ ነው።

በዚያ ላይ የጋዋኑ ከፈፍ የተለየ ጠባይ አለው። ከግድግዳው ራቅ ብዬ ቀለሙን ስለካ 225 ያሳየኛል፣ ከጋዋኑ ትከሻ አጠገብ ግን 245 የሚደርስ ቀጭን መስመር አለ። ከግድግዳው የነጣ መስመር ከቅልቅል ሊመጣ አይችልም፤ የሁለት ቀለሞች ቅልቅል ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ነው። ይህ ስልኩ ፎቶውን ሲያነሣ ጠርዝን ለማጉላት ራሱ የጨመረው ነው። እንዲህ ያለውን በቀመር አስተካክላለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ ተቆርጦ ይጣላል።

በምሠራበት ፕሮግራም በጊምፕ ላይ የጋዋኑን አካባቢ ብቻ መርጬ፣ ማስኩ ላይ 1 ፒክስል የጋውስ ብዥታ ሰጠሁ፤ ከዚያ Colors > Levels ከፍቼ የጥቁሩን ጠቋሚ ወደ ቀኝ ገፋሁት። ጠቋሚው ሲገፋ ደብዛዛው የማስክ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሸሻል። መግፋቱን ያቆምኩት በጥቁሩ የሙከራ ሌየር ላይ ነጩ መስመር ሲጠፋ ነው። ከዚያ ካለፈ ትከሻው በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን ይመስላል።

ፎቶሾፕ ያለው ሰው ለዚህ Layer > Matting > Defringe የሚለውን ሊጠቀም ይችላል። እርሱ ማስኩን አያጠብም፤ የጠርዙን ፒክስሎች ቀለም ከውስጥ በኩል ባለው የቅርብ ቀለም ይተካዋል። ማስኩ አስቀድሞ ሌየሩ ላይ መተግበር አለበት፣ ስፋቱም ለእንዲህ ያለ ጠርዝ 1 ወይም 2 ፒክስል ይበቃዋል።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፀጉሩ

ለጋዋኑ የሠራው ለፀጉሩ መርዝ ነው። ከፀጉሯ ዳር የወጡት ነጠላ ዘለላዎች ስፋታቸው ራሱ ከአንድ እስከ ሦስት ፒክስል ነው። ማስኩን ሁለት ፒክስል ባጠብብ ከፈፉ ከነዘለላው ይሄዳል፤ የተፈታ ፀጉሯ የራስ ቁር ይሆናል። እዚህ ላይ የማስኩ ቅርጽ ትክክል ነው፣ ስሕተቱ የቀለሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስኩን ሳልነካ ቀለሙን ልለውጥ።

አንዱ መንገድ ቀመሩን መገልበጥ ነው፦

```
F = (C - (1-a)*B) / a
```

በምሳሌያችን 132 ወይም 133 የነበረው ወደ 40 ይመለሳል። የፎቶሾፕ Remove White Matte የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ችግሩ B ን ንጹሕ ነጭ፣ ማለትም 255 አድርጎ መውሰዱ ነው። የእኛ ግድግዳ 225 ነው። በ255 ሲሰላ 40 መሆን የነበረበት ፀጉር ወደ 10 ይወርዳል፤ ነጩ ከፈፍ ሄዶ ጥቁር ከፈፍ ይተካል። ስቱዲዮ ውስጥ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ፊት ለተነሣ ዕቃ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለቤት ግድግዳ ግን አይሆንም። ትክክለኛውን B ብሰጠውም ሌላ ችግር አለ፤ በ a ማካፈል ስላለ፣ ፀጉሩ አንድ አሥረኛ ብቻ በያዘው ፒክስል ላይ ማንኛውም የካሜራ ጉድፍ በአሥር ይባዛል። የዘለላዎቹ ጫፍ በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ ይሞላል።

ስለዚህ በእጅ እሠራዋለሁ። አሠራሩን በዝርዝር እጽፋለሁ፣ ሁሌም የምመለስበት ስለሆነ።

ፎቶውን በሌየር ግሩፕ ውስጥ አስገባሁትና ማስኩን ከፎቶው አንሥቼ በግሩፑ ላይ አደረግሁት። ከጊምፕ 2.10 ጀምሮ ግሩፕ የራሱ ማስክ ሊኖረው ይችላል። ከፎቶው በላይ፣ እዚያው ግሩፕ ውስጥ፣ ባዶ ሌየር ጨመርኩና የቅልቅል ዓይነቱን Darken only አልሁት። ከዚህ በኋላ በዚህ ሌየር ላይ የምቀባው ቀለም ከሥሩ ካለው ፎቶ የጠቆረ በሆነበት ቦታ ብቻ ይታያል። በፀጉር ቀለም ስቀባ ነጣ ያሉት የጠርዝ ፒክስሎች ይጨልማሉ፤ ከቀለሜ የጠቆሩት ዘለላዎች ግን እንዳሉ ይቀራሉ። ብሩሹም ከጠርዙ አልፎ ግድግዳው ላይ ቢፈስ ግድ የለኝም፤ የግሩፑ ማስክ ይሸፍነዋል። እንዲያውም እንዲያልፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

የቀለሙ ምርጫ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ብሩሹ በእጄ እያለ Ctrl ተጭኜ ከፎቶው ላይ ቀለም እወስዳለሁ፤ የምወስደው ግን ከፀጉሩ መሀል ከጠቆረው ሳይሆን፣ ከጠርዙ አሥር ፒክስል ያህል ገባ ካለው ሙሉ ፀጉር ነው። የዳር ፀጉር ከግድግዳው የሚመለስ ብርሃን ስለሚያገኘው ከመሀሉ በጥቂቱ ይነጣል። በመሀሉ ጥቁር ብቀባው የራሷ ዙሪያ በኩል የተኳለ ይመስላል። በግራ ጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ከበላይ ያለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ስለዚህ አንድ ቀለም ይዤ ዙሪያውን አልጨርስም፤ በየአውራ ጣት ርቀቱ አዲስ እወስዳለሁ።

ግንባሯና ጉንጯ ጋ ስደርስ ብሩሹን አቆማለሁ። ከቆዳው በላይ በጥቁር ቢቀባ ጉንጯ ይጨልማል፤ ለቆዳው ጠርዝ ከቆዳው ቀለም ይወሰዳል። በጉንጯ ዳር ያለውን ነጣ ያለ ብርሃን ግን አልነካሁትም። እርሱ ከግድግዳው ተንጸባርቆ ፊቷ ላይ ያረፈ እውነተኛ ብርሃን ነው፤ ስፋቱም ሁለት ፒክስል ሳይሆን ሃያና ሠላሳ ነው። መለያው ይኸው ስፋቱና ወደ ውስጥ ቀስ እያለ መጥፋቱ ነው።

ጥቁሩን የሙከራ ሌየር ስከፍት ዘለላዎቹ በሙሉ አሉ፣ ከፈፉ የለም። ወንድምየው በስልክ የላክሁለትን አይቶ «አሁን ሰው ሆነች» አለ።

ረቡዕ፣ ነጠላው

የነጠላው አሠራር በመርሑ የፀጉሩ ግልባጭ ነው፤ ግሩፕ፣ ማስክ፣ ከላይ ባዶ ሌየር፣ ቅልቅሉ ግን Lighten only። ቁጥሩም ይመሳሰላል። ነጠላው 235፣ መጋረጃው 45፣ ክሬሙ 215 ነው። እኩል የተቀላቀለው ፒክስል 140 ሆኖ ክሬሙ ላይ 177 ይወጣል፤ መሆን የነበረበት 225 ነው። በእርሳስ የተሠመረ የመሰለው ይህ ነው።

በቀጥታ የተሸመነው ነጩ ክፍል በፍጥነት አለቀ። ያቆየኝ ጥለቱ ነው። ጥለቱ ትከሻቸው ላይ ዞሮ ይወርዳል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅማ መስመሮቹ ጠርዙን አቋርጠው ያልፋሉ። በነጭ ብሩሽ በላያቸው ላይ ባልፍ Lighten only ከነጩ የጠቆረውን ሁሉ ያነጣልና ጥለቱ ዳሩ ላይ ይሰረዛል፤ መስመሮቹ ከጠርዙ ሦስት ፒክስል ቀርተዋቸው በድንገት ይቆማሉ። ስለዚህ 3 ፒክስል የሚያህል ብሩሽ ይዤ እያንዳንዱን መስመር በራሱ ቀለም ወደ ውጭ ሳብኩት፤ ቀዩን በቀይ፣ ወርቅማውን በወርቅማ። አሰልቺ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን አላውቅለትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከክንዳቸው በታች ተንጠልጥሎ የቀረው የነጠላው አንድ ድርብ ነው። ጨርቁ ስስ ስለሆነ መጋረጃው በውስጡ ይታያል። እዚህ ከፈፉ ጠርዝ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጨርቁ በሙሉ ከፊል ግልጽ ነው፣ ቅልቅሉም በሙሉ ስፋቱ ነው። ብሩህነቱን ስለካ 178 አካባቢ ነው። ከ235ና ከ45 ወደ 178 ለመድረስ የጨርቁ ድርሻ 70 በመቶ መሆን አለበት። ስለዚህ ማስኩን በዚያ ቦታ ከነጭ ብሩህነቱ 70 በመቶ ወደሆነ ግራጫ አወረድኩት፣ ቀለሙን ደግሞ በ Lighten only ወደ ነጠላው ነጭ አቀረብኩት። ቀለሙን ሳላስተካክል ማስኩን ብቻ ባወርድ ጨርቁ ያልታጠበ ይመስላል፤ ማስኩን ሳላወርድ ቀለሙን ብቻ ባነጣ የተለጠፈ ወረቀት ይሆናል። ብሩሹን በ40 በመቶ ድፍንነት ይዤ ብርሃን ካረፈበት እጥፋት አንድ ጊዜ፣ ከጥላው አንድ ጊዜ ቀለም እየወሰድኩ ሠራሁ፤ በአንድ ነጭ ካለፍኩበት እጥፋቱ ይጠፋልና። በቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ያለው የነጠላ ክፍል ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። በሥሩ ያለው ቡናማ የመጋረጃው ይሁን የእጃቸው ቆዳ በ800 በመቶም አይለይም። ተውኩት፤ የቆዳ ቀለም ነው ብሎ ዓይን ይቀበለዋል።

ሐሙስ

ማተሚያ ቤቱ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ በፒኤንጂ ስለሚፈልግ ላክሁላቸው። ባለሙያው ወጣት ደውሎ «ጋሼ፣ እኛ ጋ ስናሳንሰው ጋዋኑ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ክር ይወጣል፤ ፀጉሩ ጋ ግን የለም» አለኝ።

ከላይ እመጣበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ ግልጽ የሆነ ፒክስልም የማይታይ ቀለም ይይዛል። የጋዋኑ ዙሪያ ግልጽ ፒክስሎች ውስጥ አሁንም የግድግዳው ነጭ ተቀምጧል። አንዳንድ ፕሮግራም ምስል ሲያሳንስ ወይም ሲያሳድግ የጎረቤት ፒክስሎችን ቀለም ግልጽነታቸውን ሳያመዛዝን ያማክላል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ነጭ ወደ ጠርዙ ይገባል። በፀጉሩ በኩል ይህ ያልሆነው ብሩሹ ከማስኩ አልፎ ስለፈሰሰና የተደበቁት ፒክስሎች የፀጉሩን ቀለም ስለያዙ ነው።

ጋዋኑን ደግሞ በዚያው ዘዴ በ Darken only ሌየር፣ ከጠርዙ ሃያ ፒክስል ያህል ወደ ውጭ እያለፍኩ በጋዋኑ ቀለም ቀባሁት። ፒኤንጂውን ኤክስፖርት ሳደርግ Save color values from transparent pixels የሚለው መመረጡን አረጋገጥኩ፤ ካልተመረጠ የተቀባው የተደበቀ ቀለም ከፋይሉ ጋር አይሄድም። መጠኑንም በእኔ በኩል የመጨረሻው አድርጌ ላክሁት፣ እነርሱ ጋ ማሳነስ እንዳያስፈልግ። ባነሩ ከመታተሙ በፊት የልጅቷን ራስና የእናትየውን ትከሻ የያዘ አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ በዚያው ጨርቅ ላይ አትመው አሳዩኝ። ጥለቱ እስከ ዳሩ ይደርሳል፣ ነጩ ክርም የለም።

ዓርብ

ባነሩ ታትሟል። አሁን ደግሞ ቤተሰቡ የልጅቷን ፎቶ ለምስጋና ካርድ በነጭ ወረቀት ላይ ፈለጉት። ያንኑ ፋይል ነጭ ላይ ሳስቀምጠው ፀጉሯ ዙሪያ ጢስ የመሰለ ስስ ግራጫ ወጣ። ማስኩ በእነዚያ ቦታዎች ፍጹም ጥቁር አልነበረም፤ ሁለትና ሦስት በመቶ ቅሪት ነበረበት። በሥሩ የነጣ ግድግዳ ሳለ በነጭ ላይ አይታይም ነበር፤ አሁን በሥሩ የፀጉር ቀለም ስላለ ይታያል። ማስኩ ላይ Levels ከፍቼ የጥቁሩን ጠቋሚ ከ0 ወደ 10 አሳደግሁት፤ ጢሱ ሄደ፣ ዘለላዎቹም ቀሩ። ይህን ለውጥ ወደ ባነሩ ፋይልም አስገብቼ ሁለቱንም ከነሌየራቸው በ xcf አስቀምጫለሁ።